ኢንሺራሕ ያልነካችው ግራ

እኔ ስልክ አንሺ ነኝ። ሸውቂ እባላለሁ። እዚህ ግብፅ፣ ሲዲ ጋብር ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሊፍቱ ከቆመ ሁለት ዓመት ባለፈው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለጥርስ ክሊኒኮች ሶፍትዌር የሚሠራ መሥሪያ ቤት አለ። እዚያ ተቀምጬ የሐኪም ቁጣ እሰማለሁ። ሐኪም ሲቆጣ ደግሞ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሌላው ሰው ሁሉ በሽተኛው ይመስለዋል።

አሥራ ሁለት ዓመት ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ኢንሺራሕ ትባላለች። ስሟ የልብ መከፈት፣ የደረት መቅለል ማለት ነው። አባቷ ስሙን ሲያወጣ ምን አይቶ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ እንደሆንኩ ደረቷ ቀልሏት አይቻት አላውቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል። ጠዋት ከትራም ወርዳ አራቱን ፎቅ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ታርፋለች። ጠረጴዛዋ ስር ሰፊ ነጠላ ጫማ አላት። ጠባቡን አውልቃ እሱን ታጠልቅና፣ ያበጠ እግሯን አንዱን በአንዱ ላይ ጭና፣ "አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬስ ማን ምን አበላሸ?" ትላለች። የሥራ ቀኗ የሚጀምረው በዚህ ነው።

ሥራዋ መገልበጥ ነው። ቀልድ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "የመስታወቷ እናት" ነው የሚላት። ፕሮግራማችን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይነደፋል፤ ቀጥሎ በአረብኛ ይወጣል። እንግሊዝኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የእኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይመጣል። እናም ፊደሉን ብቻ ቀይሮ መተው አይቻልም። በግራ የነበረው ዝርዝር ወደ ቀኝ መሄድ አለበት፤ "ቀጥል" የሚለው ቀስት ፊቱን ማዞር አለበት፤ ከስሙ በስተግራ የነበረው የበሽተኛው ፎቶ ከስሙ በስተቀኝ መቀመጥ አለበት። የገጹን ልብስ የሚያለብሰው ፋይል ግን ትእዛዙ ሁሉ ግራና ቀኝ ነው። "ይህ ከግራ አሥራ ሁለት ነጥብ ይራቅ፤ ያኛው ቀኝ ጥግ ይለጠፍ።" በዚህ ዓይነት ከስድስት ሺህ በላይ መስመር።

ስለዚህ ለአረብኛ ሁለተኛ ፋይል አለ። እሱን የምትጠብቀው ኢንሺራሕ ናት። ሁለተኛው ፋይል የመጀመሪያውን እየተከተለ ያፈርሳል፤ "ቅድም ከግራ አሥራ ሁለት ራቅ ያልኩህን ተወው፤ ከግራ ዜሮ፤ ከቀኝ አሥራ ሁለት" ይላል። ለአንድ ትእዛዝ ሁለት ትእዛዝ መሆኑ ነው፤ አንዱ መሻሪያ፣ አንዱ መተኪያ። መሻሪያውን ከረሱት ነገሩ በሁለቱም ወገን ይርቅና መሃል ላይ እንደ ወላጅ አልባ ቆሞ ይቀራል።

ክፋቱ ላይኞቹ ናቸው። ላይኞቹ የምንላቸው አምስተኛ ፎቅ ያሉት ነዳፊዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ፋይል በፈለጉ ሰዓት ይነካሉ፤ አሥራ ሁለቱን አሥራ ስድስት ያደርጉታል፤ ሁለተኛውን ፋይል ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በማግስቱ የእኔ ስልክ ይጮኻል።

"ኢንሺራሕ፣ ዛሬም ስሙ የልደት ቀኑ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል።"

"የየት ነው?"

"የታንታ ክሊኒክ። ሰውዬው 'በሽተኞቼ ሁሉ ስማቸው ቁጥር ሆነ' እያለ ይጮኻል።"

"ማን ነካው?"

"ማን ይነካዋል፣ ላይኞቹ ናቸዋ!"

"ላይኛውስ ይቅር ይበላቸው" ትልና መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ታወርዳለች። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ መልኩ አለፈ። እውነቱን ልናገር? እኔ ብሆን የሆነ ቀን ኮምፒዩተሩን በመስኮት እወረውረው ነበር።

መፍትሔውን ታውቀው ነበር፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው። ለቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። "ግራና ቀኝ አንበል፤ መነሻና መጨረሻ እንበል። 'ከመነሻው አሥራ ሁለት ራቅ' ካልነው፣ ገጹ እንግሊዝኛ ሲሆን መነሻው ግራ ነው፤ አረብኛ ሲሆን ቀኝ ነው። እሱን ገጹን የሚከፍተው አሳሽ ራሱ ያውቀዋል። አንድ ፋይል ይበቃል።" ሰውዬው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "የክሊኒኮቹ ኮምፒዩተር አሮጌ ነው፤ ይህን አነጋገር አያውቅም" ይላት ነበር። አልዋሸም፤ ያኔ እውነት ነበር። ግን ኮምፒዩተሮቹ አንድ በአንድ ተቀየሩ፤ መልሱ ሳይቀየር ቀረ።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ኢንጂነር ሐዚም ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጨዋ ነው፤ ሴት ሳትቀመጥ አይቀመጥም። አንድ አመል ግን አለው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቁጥር ይወዳል። ኢንሺራሕ ሐሳቧን ስታቀርብለት ዓይኑ በራ።

"ማዳም ኢንሺራሕ፣ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አላደረግነውም?"

"እኔንም ግራ የገባኝ ይኸው ነው ባሽ ሙሀንዲስ" አለችው፤ ኢንጂነርን በአክብሮት የምንጠራው እንዲህ ነው።

"እንጀምር። ግራና ቀኝ የሚል መስመር ባየ ቁጥር የሚጮኽ መቆጣጠሪያ አስገባለሁ። ስንት እንደቀረ በየቀኑ እናያለን። ሁለተኛውን ፋይል ጨርሰን እንሰርዘዋለን።"

ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰው ነበርን፤ ስምንታችንም አንድ ነገር አሰብን። ፋይሉ ከተሰረዘ የፋይሉ ጠባቂ ምን ትሠራለች? ኢንሺራሕ የጡረታ መዋጮ ዘመኗ ሞልቶ በጡረታ ለመውጣት ሃያ ወር ይቀራታል። ከዚያ በፊት ከወጣች የአሥራ ሁለት ዓመቱ ደረጃ መውጣት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ማንም አይቀጥራትም።

ሐዚምም አስቦታል መሰለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሥራው ሲያልቅ ስለ ሌላው እንነጋገራለን፣ ኢንሻ አላህ" አለ። አለቃ ኢንሻ አላህ ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ግብፃዊ አልተወለደም።

ስንወጣ ክንዷን ይዤ ጥግ አስያዝኳት።

"ኢንሺራሕ፣ አብደሻል? በገዛ እጅሽ መቃብርሽን ትቆፍሪያለሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ቀስ በያ! በቀን አሥር መስመር። ማን ይቆጥርብሻል?"

"ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል እኮ ሸውቂ።"

"ከበደኝ በይው። ዓይኔን አመመኝ በይው። ሃያ ወር ናት፤ እየጎተትሽ ትገፊያታለሽ። ሐጃ፣ ስሚኝ እንጂ!"

ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን አሳረፈች። "ደክሞኛል" አለችኝ። "እኔ ሄጄ እዚህ ወንበር ላይ ሌላዋ ትቀመጣለች። እሷም አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ያበላሸውን ስትገለብጥ ትኖራለች። አሁን የማልጨርሰው ከሆነ መቼም አያልቅም። ጎትቼ ሃያ ወር ከምበላ ጨርሼ ልውጣ።"

ተናደድኩ። ሰው ለራሱ እንዲህ ሞኝ ሲሆን ደሜ ይፈላል። ግን ምን ቤት ነኝና፤ የሚጮኸውን ስልክ አነሣሁ።

አራት ወር ፈጀባት። ውጪ ሆኖ የሚያየው ግራን እየፈለጉ በመነሻ፣ ቀኝን እየፈለጉ በመጨረሻ መተካት ይመስለዋል፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ። ኧረ ምኑ! ግራ የሚል ቃል ሳይኖርባቸው ግራ የያዙ መስመሮች አሉ። አራት ቁጥር ተደርድሮ፣ የመጀመሪያው ለላይ፣ ሁለተኛው ለቀኝ፣ ሦስተኛው ለታች፣ አራተኛው ለግራ የሆነ ትእዛዝ አለ። የመቆጣጠሪያው ጩኸት እነሱን አያገኛቸውም። ኢንሺራሕ አንድ በአንድ በዓይኗ ነው ያገኘቻቸው። ወደ ጎን የሚንሸራተቱ ነገሮችም አሉ፤ የመንሸራተቱ ትእዛዝ መነሻና መጨረሻ የሚባል አያውቅም፤ ለአረብኛ ለብቻው አቅጣጫውን መቀየር ይፈልጋል። ቀስቶች መዞር አለባቸው፤ ምልክት የሆነው ሰዓት ግን መዞር የለበትም፣ ሰዓት በአረብኛም ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። የስልክ ቁጥር እንደነበረ ይቀመጣል። ሁሉንም መለየት ነው።

እኔ ስልክ በሌለኝ ሰዓት ገጾቹን እያየሁ አግዛት ነበር። አንድ ቀን፣ ሦስተኛው ወር ላይ መሰለኝ፣ "ሸውቂ ና" አለችኝ። የቀጠሮውን ገጽ በእንግሊዝኛ ከፍታዋለች። አንዲት ቃል ቀየረች፤ ገጹን ከቀኝ ጀምር አለችው። ዝርዝሩ፣ ፎቶው፣ ክፍተቱ፣ ጥጉ የተከረከመው ሳጥን፣ ሁሉም እኩል ዞሮ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሁለተኛው ፋይል ጠፍቶ ነው እንዲህ የሆነው። መልሳ ቀየረችው፤ ተመለሰ። ደግማ ቀየረችው።

"ኧረ በቃሽ፣ ገጹን ያዞረዋል!" አልኳት።

ሳቀች። አሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከልቧ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ፤ ምን እየጨረሰች እንደሆነ አውቃለሁና።

የጥርስ ሰንጠረዡ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰንጠረዡ የመንጋጋ ሥዕል ነው፤ ላይና ታች። ሥዕሉ ላይ ሠላሳ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ የጥርሱን ቁጥር በደቂቅ ጽሑፍ ይዟል። ሐኪሙ የታመመውን ሲነካ ሳጥኑ ይቀላል። እያንዳንዱ ሳጥን "ከግራ ይህን ያህል" በሚል ነው ቦታውን የያዘው። ሠላሳ ሁለት መስመር፤ ሠላሳ ሁለት ግራ። በሁለተኛው ፋይል ውስጥ ስለዚህ ሰንጠረዥ አንድም ቃል አልነበረም፤ ስትሠራው የኖረችው ባለመንካት ነው።

"ሸውቂ፣ ፊት ለፊቴ ቁምና አፍህን ክፈት" አለችኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ያየናል!"

"ክፈት።"

ከፈትኩ። በእርሳስ ጫፍ የቀኝ መንጋጋዬን ነካች። "ይህ ለእኔ በየት በኩል ነው?"

"እ... እራ።"

"እርሳሱን ሳወጣ ተናገር።"

"በግራሽ።"

"በእንግሊዝኛ ባናግርህስ?"

"በግራሽ ነዋ።"

"በአረብኛስ?"

"አበስኩ ገበርኩ! ያው በግራሽ ነው! ጥርሴ ቋንቋ አያውቅ!"

"ይኸው ነው" አለች። "ጽሑፍ መነሻ አለው። አፍ የለውም። ሐኪም ሰንጠረዡን የሚያየው በሽተኛውን ፊት ለፊት እንደሚያየው ነው፤ የበሽተኛው ቀኝ በኮምፒዩተሩ ማያ ግራ በኩል። ይህ አይዞርም።" ሠላሳ ሁለቱን ግራ እንዳሉ ተወቻቸውና ከበላያቸው አንድ ማስታወሻ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ያኔ አላየሁም። መንጋጋዬን እያሸሁ ወደ ስልኬ ሄድኩ።

የሐዚም ወረቀት ግድግዳው ላይ ከስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት እየወረደ እየወረደ ሠላሳ ሁለት ላይ ቆመ። ሐሙስ ዕለት፣ የመጨረሻ ቀኗ ነበር፤ ሌላ ቦታ አልተገኘላትም፣ ኢንሻ አላህ እንዳልኳችሁ ነው። ሐዚም በአንድ ጆሮው ስልክ ይዞ መጣ።

"ማዳም፣ ሠላሳ ሁለት ቀርቷል?"

"አልቀረም ባሽ ሙሀንዲስ። የጥርስ ሰንጠረዡ ነው፤ እንዲኖር የተተወ ነው። ምክንያቱን እዚያው ጽፌዋለሁ።"

"እሺ፣ እሺ፣ አየዋለሁ" አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ባስቡሳ የሚባለው ጣፋጭ ተገዝቶ ነበር፤ በወረቀት ሳህን ተበላ። ላይኞቹ ሳይቀሩ ወርደው አጨበጨቡ። ሁለተኛውን ፋይል ራሷ እንድትሰርዘው ተደረገ። ሰረዘችው። እንባ የጠበቀ ካለ አላገኘም። ነጠላ ጫማዋን በፌስታል ቋጥራ፣ "ደህና ሁን ሸውቂ፣ የግፊት መድኃኒትህን ዋጥ" ብላኝ ደረጃውን ወረደች። ስትወርድም ሦስት ጊዜ አረፈች። አርብና ቅዳሜን ቤቴ ተቀምጬ ሚስቴ ላይ ስነጫነጭ ዋልኩ።

እሁድ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ማተሚያ ማሽኑ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተሰቅሏል፤ መሃሉ ላይ ትልቅ ዜሮ። አዲሱ ፕሮግራም ጠዋት በሦስት ሰዓት ለክሊኒኮቹ ሁሉ ተለቀቀ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ከደመንሁር ዶክተር ባህጋት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጥርስ የነቀለ ሰው፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመታ።

"ሸውቂ! በሽተኛዬን ምን አደረጋችሁብኝ?"

"ምን ተፈጠረ ያ ዶክቶር?"

"ባለፈው ሳምንት ላይኛውን የግራ መንጋጋ ጥርሷን ሥሩ እንዲጸዳ ምልክት አድርጌ ወደ ቤቷ ላክኋት። ዛሬ ከፈትኩት፤ ቀዩ ሳጥን የበሽተኛዋ ቀኝ ላይ ነው። በሁለቱም ወገን አሮጌ ሙሌት አላት፤ በዓይን አይለይም። በቀኝ በኩል መርፌ ወጋኋት! ከደነዘዘች በኋላ ነው 'ዶክተር፣ እኔን የሚያመኝ እኮ በዚያኛው ነው' ያለችኝ። አሁን ግማሽ አፏ ሞቶ፣ በታመመው በኩል ታቃስታለች። መሰርሰሪያውን አንስቼ ነበር፤ ገባህ? አንስቼ ነበር!"

"ቁጥሩን አላዩትም?"

"ቁጥር የሚያነብ ተማሪ ነው! እኔ ቦታውን ነው የማየው።"

ስልኩን ይዤ ሐዚም ክፍል ገባሁ። ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ፤ ሰንጠረዡን ከፈተ።

"ልክ ነው እኮ! ተመልከት!"

"በእንግሊዝኛ ነው የከፈትከው። በአረብኛ ክፈተው።"

ከፈተ። ትንሽ አየና "ይኸውና፣ አሁንም ልክ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ልክ ይመስላል። የመንጋጋ ሥዕል ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ ሳጥኖቹ ተገልብጠው ቢቀመጡም እያንዳንዱ ጥርስ ላይ አንድ ሳጥን አለ። ምንም የጎደለ፣ ምንም የተጣመመ የለም። ላይኞቹ ስም ልደት ላይ ሲያስቀምጡ ቢያንስ ይታይ ነበር።

"አሥራ ስድስት ቁጥር የት ነው ያለው?" አልኩት።

ጣቱ ማያው ላይ ሄደ። "በቀኝ።"

"በሐኪሞቹ አቆጣጠር አሥራ ስድስት የበሽተኛው ላይኛ ቀኝ ነው። ፊት ለፊት ስታየው በግራህ መሆን አለበት። ና አፌን ልክፈትልህ?"

አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁሉም ነገር ሳይጠፋ ይቀመጣልና፣ ሐሙስ ማታ ሠላሳ ሁለቱን ግራ በመነሻ የቀየረው እሱ ራሱ መሆኑ ተጽፏል። በእንግሊዝኛ መነሻውም ግራ ነው፤ ምንም አልተለወጠበትም፤ አይቶ ደስ ብሎት ዜሮውን ሰቀለ። በአረብኛ መነሻው ቀኝ ስለሆነ ሠላሳ ሁለቱም ጥርስ ተሻገረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሐዚም ሞኝ አይደለም፣ ወረቀቱ ግን ይዞታል።

"አሁኑኑ ወደ ቀድሞው እንመልሰዋለን" አለ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ያዘ። "ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሐኪሞቹ በቦታው እያዩ የነኩት ጥርስ ሁሉ... በተቃራኒው ወገን ነው የተመዘገበው።"

"ቁጥር እያነበቡ የነኩት ደግሞ ልክ ነው" አልኩት። "የትኛው የትኛው እንደሆነ ማሽኑ አያውቅም። ክሊኒኮቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ነው።"

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። መልሶ ከፈተው። "ለማዳም ኢንሺራሕ ደውልልኝ" አለ። "ድምፁን ከፍ አድርገው።"

ደወልኩ። ውሃ ይፈስሳል፤ ሰሃን ይንኳኳል።

"ሸውቂ? በዚህ ሰዓት? መድኃኒትህን ዋጥክ?"

"ዋጥኩ። ሐጃ፣ ሰንጠረዡ ተገልብጧል።"

ውሃው ቆመ። "ነካው?"

"ነካው።"

"የተነቀለ አለ?"

"የለም። በደመንሁር አንዲት ሴት በደህናው በኩል ተወግታለች። መሰርሰሪያ ሳይነካት ተናገረች።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማን። "አልሐምዱሊላህ። እሱ አጠገብህ ነው?"

"አለሁ ማዳም" አለ ሐዚም። "ሰላም አይደለሁም፤ ግን አለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር..."

"ቆይ ልጄ። ከሠላሳ ሁለቱ በላይ የጻፍኩትን አንብብልኝ።"

በሩ ክፍት ነው። የቢሮው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል፤ ላይኞቹም የሆነ ነገር ሸትቷቸው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ሐዚም ማያው ላይ ጎንበስ አለና የቀድሞውን ፋይል ፈልጎ በደረቀ ድምፅ አነበበ።

"'ይህ ግራ የቋንቋ አይደለም፤ የሰው አፍ ነው። በየትኛውም ቋንቋ አትገልብጡት። ኢንሺራሕ።'"

"ሐሙስ ዕለት አንብበኸው ነበር?"

እዚህ ላይ ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም፤ ይህን አልነፍገውም። "አንብቤው ነበር።"

"ታዲያ?"

"ዜሮ ፈልጌ ነበር ማዳም።"

እንዳትቆርጠው ብዬ ስልኩን አየሁት።

"እኔ ደግሞ ሃያ ወር ፈልጌ ነበር" አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፤ የደከመ ድምፅ ነው፣ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። "ሸውቂን ጠይቀው፤ ጎትቺው ብሎኛል። መጎተት አላቃተኝም። አንድ መስመር በቀን እየነካሁ እስከ ጡረታዬ እቀመጥ ነበር፤ ዓይኔን አመመኝ ብልህ አንተም ታምነኝ ነበር። ሥራውን ሰርቄ ወንበሬን ማዳን አልፈለግሁም። አንተ ግን ለወረቀት ብለህ የሰው አፍ ገለበጥክ።"

ሐዚም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሴት ቆማ እሱ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በእርግጥ እሷ በስልክ ናት። ወጣት ሰው ነው፤ አሳዘነኝ። ግን ዞር ብዬ ማተሚያውን ሳየው ማዘኔ ቀነሰ።

"ይመለሱልኝ" አለ። "ክሊኒኮቹን የሚያጣራ ሰው እፈልጋለሁ። መገልበጥ የሌለበትን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። እስከ ስልሳ ዓመትዎ። እጽፈዋለሁ።"

"ኢንሻ አላህ ሳትል ጻፈው።"

ደረጃው ላይ ያሉት ሳቁ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሊስቅ ሞከረ።

"ዛሬውኑ እጽፋለሁ።"

"ነገ እመጣለሁ። ሸውቂ፣ ሁሉንም ክሊኒክ ጥራና ሰንጠረዡን በቁጥር ብቻ እንዲያነቡ ንገራቸው፤ እስከማታ ማንም በቦታ አይንካ። ሌላ ደግሞ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ምን አስቀመጣችሁ?"

ሐዚም ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

"ማተሚያውን" አልኳት።

"አንሱት" አለችና ዘጋችው።

በማግስቱ ደረጃውን ስትወጣ ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ትንፋሽዋን እሰማ ነበር። ሦስት ጊዜ አረፈች። ጠረጴዛዋ ባዶ ነበር፤ ማተሚያውን ሐዚም ራሱ ነው ተሸክሞ ያነሣው። ደብዳቤው ታሽጎ ተቀምጧል። ከፈተችው፣ አነበበችው፣ ቀኑን ጭምር አነበበችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ፌስታሉን ፈታች፤ ጠባቡን አወለቀች፤ ሰፊውን አጠለቀች። አንድ መቶ አርባ ክሊኒክ የተጻፈበትን ዝርዝር ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። ረጅም ነው፤ አየችው፤ ዓይኖቿን በጣቷ አሸች።

"ደክሞኛል ሸውቂ" አለችኝ፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለች።